የቀረፋ ጥቅል ዳቦ ስለምን ይደርቃል?

ከስንዴ ዱቄት ከሚሠሩት ጣፋጭ ምግቦች አንዱ የቀረፋ ጥቅል ዳቦ ነው። ሊጡ በወተት፥ በዕንቍላልና በቅቤ ይቦካል፤ ከዚያም በመዳመጫ ተዳምጦ፥ ቅቤና ስኳር ቀረፋም ተቀብቶ፥ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎና ተቈርጦ ይጋገራል። ስዊድኖች ይህን ዳቦ «ካኔልቡሌ» ይሉታል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም በየዓመቱ ኦክቶበር 4 ቀን «የቀረፋ ዳቦ ቀን» እያሉ ያስቡታል። እኔም ሥራውን የተማርሁት በዚያው አገር በስቶክሆልም ከተማ ጥቂት ዓመታት በተቀመጥሁበት ዘመን፥ ከአንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ነው። እርሳቸው ሊጡ ውስጥ በሙቀጫ ሸካራ ሆኖ የተወቀጠ ሄል ይጨምሩ ነበር፤ ቀረፋውን ግን ከሊጡ ጋራ ከቶ አያቀላቅሉም፤ በመካከሉ ብቻ ይቀቡታል። በኋላ እንደ ተረዳሁት ለዚህ ልማድ በቂ ምክንያት አለው፤ የቀረፋ ዘይት እርሾን ያደክማልና፥ ሊጡ ውስጥ በብዛት የገባ እንደ ሆነ ኩፍ ማለቱን ያዘገያል።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ዳቦ በቤቴ እጋግር ነበርና፥ የእኅቴ ልጅ አይታ ወደደችው፤ ከመጽሐፍም አነበበችና እየጋገረች ለአንድ የሻይ ቤት መሸጥ ጀመረች። ያን ጊዜ ሌላ ገቢ አልነበራትም፤ የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው ከዚሁ ዳቦ ከምታገኘው ገንዘብ ነበር። ሁለት ወር ያህል ከሠራች በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ መጣችና፥ «አክስቴ፥ ዳቦዬን መለሱብኝ። ጧት ይሸጣል፤ ከቀትር በኋላ ግን ድንጋይ ሆነ ይላሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት፦ ልጄ፥ እስከ ማግስቱ የማይቈይ ከሆነ ከቅዳሜ በኋላ አልቀበልሽም አሉኝ። እባክዎን ይዩልኝ» አለችኝ። ዳቦውን ቈርሼ አየሁት። ውስጡ የተጨቈነና የተጣበቀ ነበር፤ በጣት ሲጫኑት ወደ ስፍራው አይመለስም፤ ሲበሉትም እንደ አሸዋ በአፍ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ «ነገ አንቺ ሥሪ፤ እኔ ተቀምጬ አያለሁ» አልኋት።

በማግስቱ ያየሁትን ከመናገሬ በፊት፥ ይህ ሊጥ ከተራው የስንዴ ዳቦ ሊጥ በምን እንደሚለይ ላስረዳ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ጕድለቱ ከወዴት እንደ መጣ ሊያገኘው አይችልምና።

ተራ ዳቦ ዱቄት፥ ውሃ፥ ጨውና እርሾ ብቻ ነው። ዱቄቱ ከውሃ ጋራ ተገናኝቶ በታሸ ጊዜ በውስጡ ግሉተን የሚባል እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር የሚይዘውም ይህ መረብ ነው። ወተት፥ ዕንቍላል፥ ስኳርና ቅቤ በተጨመሩ ጊዜ ሊጡ ይበለጽጋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥቅሙን ሲሰጥ ዋጋውንም ያስከፍላል። ቅቤ የግሉተኑን ክር ይቀባዋልና ክሩ አጭርና ለስላሳ ይሆናል፤ ዳቦው በአፍ የሚቀልጠው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ቅቤው በመጀመሪያ፥ መረቡ ሳይሠራ የገባ እንደ ሆነ፥ ግሉተኑ ፈጽሞ ሳይጸና ይቀራል። ስኳር ጣዕምና የቡናማ መልክ ይሰጣል፤ ሆኖም ውሃውን ወደ ራሱ ይስባልና ለእርሾው የሚተርፈው ውሃ ያንሳል። ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት ከመቶ ዐሥር እጅ ሲያልፍ እርሾው መዘግየቱ ይታያል። የዕንቍላል አስኳል ቅባትና መልክ ይጨምራል፤ ነጩ ግን በበዛ ጊዜ ዳቦውን ያደርቀዋል። ስለዚህ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ ዕንቍላል ይበቃል።

ስለ ቅቤውም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። የገበታ ቅቤ ሁሉ ስብ አይደለም፤ ከመቶ ዐሥራ ስድስት እጅ ያህሉ ውሃ ነው። የተነጠረ ቅቤ ግን ውሃው በእሳት ስለ ጠፋ ስብ ብቻ ነው። በቤት ያለው የተነጠረ ቅቤ ብቻ ከሆነ፥ ቅመም ያልገባበትን መርጦ ከመጠኑ አንድ አምስተኛ ቀንሶ ማግባት ነው፤ የጐደለውንም ውሃ በአንድ ማንኪያ ወተት መተካት ይገባል።

እንግዲህ የበለጸገ ሊጥ እጅን የሚይዝና የሚጣበቅ ነው። ይህ ጠባዩ እንጂ ጕድለቱ አይደለም። የእኅቴ ልጅ የሳተችው በዚህ ላይ ነበር።

ዱቄቱን በስኒ እየሰፈረች ስትጨምር አየሁ። መጽሐፉ «አራት ስኒ» ይላልና እርስዋም አራት ስኒ ሰፈረች። ነገር ግን ዱቄት በማንኪያ ቀስ ብሎ ቢሞሉት አንዱ ስኒ 120 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስኒውን ከከረጢቱ ውስጥ አጥልቀው ቢያወጡት ግን ተጨቍኖ እስከ 150 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ አራቱ ስኒ 480 ግራምም 600 ግራምም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ አንድ ሙሉ ስኒ ማለት ነው። እርስዋ ያጠለቀችውን በሚዛን ብመዝነው 580 ግራም ሆነ። ከዚህ በኋላ ማሸት ጀመረች፤ ሊጡ ተጣበቀባትና አንድ እፍኝ ዱቄት ነሰነሰች፤ አሁንም ተጣበቀ፤ ሁለተኛ ጨመረች፤ ሦስተኛም ጨመረች። አንዱ እፍኝ ሠላሳ ግራም ያህል ነው። በመጨረሻው ሊጡ ከእጅዋ ለቀቀና፥ «አሁን አማረ» አለች። ማማሩ እውነት ነው፤ ዳቦው ግን ያን ጊዜውኑ ደረቀ።

ይህን በቍጥር እንየው። በ500 ግራም ዱቄት ላይ ወተቱና ዕንቍላሉ ተደምረው 325 ግራም ቢሆኑ፥ ፈሳሹ ከዱቄቱ ከመቶ 65 እጅ ነው ማለት ነው። በማሸት ጊዜ ሌላ መቶ ግራም ዱቄት ቢነሰንስ ያው 325 ግራም ፈሳሽ ለ600 ግራም ዱቄት ይከፈላል፤ ይህም ከመቶ 54 እጅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሊጥ ለመዳመጥ የተመቸ ነው፤ ኩፍ ለማለት ግን ይከብዳል፤ ውስጡ የተጨቈነ ይሆናል፤ ከተጋገረም በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ሚዛን የሌለው ቤት ለዚህ ሥራ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ቢገዛ፥ ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ይጠቅመዋል።

«ታዲያ ሊጡ እየተጣበቀ እንዴት ይታሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ትዕግሥት ነው፤ ዱቄቱ ወተቱን መጥጦ እስኪጠግብ ድረስ ሊጡን ቀላቅሎ፥ ሸፍኖ፥ ሃያ ደቂቃ ማሳረፍ። ከዚያ በኋላ ያው ሊጥ ምንም ሳይጨመርበት ግማሹን መጣበቅ ይተዋል። ሁለተኛው ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነ ብልሃት ነው፤ ይኸውም አብሲት ነው።

እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ እንደምታውቀው፥ የጤፉ ሊጥ ከቦካ በኋላ ከእርሱ ጥቂት ተቀንሶ በውሃ ይፈላና ወፍራም ሲሆን፥ ቀዝቅዞ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ያለ አብሲት የተጋገረ እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሰባበራልም። የሩቅ ምሥራቅ ዳቦ ጋጋሪዎችም ለስንዴ ዳቦ ይህንኑ የመሰለ ሥራ ይሠራሉ፤ ከዱቄቱ ጥቂቱን በወተት ወይም በውሃ እንደ ሙቅ አብስለው ከሊጡ ጋራ ያቦኩታል። ቻይናውያን «ታንግ ዦንግ» ይሉታል። የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው። ጥሬ ዱቄት የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ በ65 ዲግሪ ሙቀት ገደማ ግን በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ያብጥና ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል። ያ ውሃ በሊጡ ውስጥ ተቈልፎ ይኖራልና ሊጡ ብዙ ፈሳሽ ይዞ ሳለ እጅን ያን ያህል አይይዝም፤ ምድጃ ውስጥም ውሃው በቀላሉ አያመልጥም። የእንጀራው አብሲት ከቦካ ሊጥ ይሠራል፤ የስንዴው ግን ካልቦካ ዱቄት ነው። ልዩነታቸው ይህ ነው።

ይህን በተናገርሁ ጊዜ የእኅቴ ልጅ ሳቀችና፥ «እናቴ አብሲት ስትጥል ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁ፥ ለዳቦ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም» አለች። ወዲያውም አብረን ሠራን። መጠኑንና ተራውን እንዲህ አደረግን፤ ይህም ዐሥራ ሁለት ጥቅል ዳቦ ያወጣል።

ከ500 ግራም የፉርኖ ዱቄት 25 ግራሙን ለይተን በትንሽ ድስት ውስጥ ከ125 ግራም ወተት ጋራ እንዳይጓጕል አድርገን በጠበጥነው። በዝግታ እሳት ላይ ጥደን ሳናቋርጥ አማሰልነው። ማንኪያው በድስቱ ላይ ሲያልፍ መሥመሩ ሳይከደን የሚቈይ በሆነ ጊዜ አወጣነው፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። እስኪፈላ መጠበቅ አያሻም። ገና ትኩስ ሳለ 150 ግራም ቀዝቃዛ ወተት ጨመርንበትና ለብ አለ። ይህ ለእርሾው ደኅንነት አስፈላጊ ነው፤ ጣት ያለ ችግር የሚታገሠው ሙቀት ለእርሾ ይስማማዋል፤ ጣትን የሚያቃጥል ሙቀት ግን እርሾን ይገድላል። ከዚያም አንድ ዕንቍላል፥ 70 ግራም ስኳር፥ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄልና የቀረውን 475 ግራም ዱቄት አግብተን ቀላቅለን ሃያ ደቂቃ አሳረፍነው።

ካረፈ በኋላ 8 ግራም ጨው ጨምረን ዐሥር ደቂቃ በእጅ አሸነው። ዱቄት በምንም አልነሰነስንም፤ እጃችን በተጣበቀ ጊዜ መዳፋችንን ዘይት ቀባን፤ ገበታው ላይ የቀረውንም በቢላዋ ጀርባ እየፋቅን ወደ ሊጡ መለስን። ሊጡ መለጠጥ ሲጀምር፥ የለሰለሰ ነገር ግን ያልቀለጠ 80 ግራም የገበታ ቅቤ በአራት ጊዜ ከፍለን አገባን። ቅቤው በገባ ቍጥር ሊጡ ይበታተናል፤ የተበላሸም ይመስላል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ዱቄት ይጨምራል። ማሸቱን ቢቀጥሉ ግን በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቅቤውን ጠጥቶ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሌላ ዐሥር ደቂቃ ከታሸ በኋላ ከሊጡ ጥቂት ቈርሰን በሁለት እጅ ጣት ቀስ ብለን ዘረጋነው። ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ ከሆነ ግሉተኑ ጸንቷል ማለት ነው፤ ቶሎ የሚቀደድ ከሆነ ግን ማሸቱ አልበቃውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኩፍ ማስባሉ ነው። የእኅቴ ልጅ ሁለተኛው ስሕተት የነበረው በዚህ ነው። መጽሐፍዋ «ለሁለት ሰዓት ይቀመጥ» ስለሚል ሰዓትዋን እያየች ሁለት ሰዓት ትጠብቅ ነበር። መጽሐፉ ግን የተጻፈው በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እርሾው የሚያወጣውን አየር ከውጭ የሚጫነው ኃይል ትንሽ ስለ ሆነ፥ ሊጡ በቀላሉ ያብጣል። ስለዚህ እርሾው ገና በቂ ሥራ ሳይሠራ ሊጡ እጥፍ ይሆናል፤ መጽሐፉ ያለው ሰዓት እስኪደርስ ሲጠብቁትም ከልክ ያልፍና መረቡ ይበጣጠሳል። መድኃኒቱ እርሾውን መቀነስና ሰዓትን ሳይሆን ሊጡን መመልከት ነው። መጽሐፉ 7 ግራም የሚለውን እርሾ ወደ 5 ግራም ያወረድነው ስለዚህ ነው።

ሊጡን ለመመልከት የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሊጡ የተቀመጠበት ዕቃ ግድግዳው ቀጥ ያለና ከመስታወት የተሠራ ቢሆን፥ መጀመሪያ የደረሰበትን ቦታ በክር ማሰር ነው። ከክሩ በላይ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይበቃዋል። በእኛ ወጥ ቤት፥ አየሩ ሃያ ዲግሪ ያህል በሆነበት ቀን፥ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በብርድ ቀን ይረዝማል፤ በሙቀት ቀን ያጥራል። ለማፋጠን ብሎ በፀሓይ ወይም በጋለ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቅቤው ቀልጦ ከሊጡ ይወጣና ዳቦው ከሥር ቅባት፥ ከላይ ደረቅ ይሆናል።

ኩፍ ያለውን ሊጥ አየሩን በእጃችን ቀስ ብለን አስወጣንና፥ ገበታውን በጣም ስስ ዱቄት አልብሰን በቁመት 40፥ በወርድ 30 ሳንቲሜትር አድርገን ዳመጥነው። ሊጡ እየተመለሰ አልዳመጥ ካለ፥ ዐሥር ደቂቃ ማሳረፍ እንጂ በኃይል መጫን አይገባም። 80 ግራም የለሰለሰ ቅቤ እስከ ጫፉ ቀባንና 100 ግራም ስኳር ከ10 ግራም ቀረፋ ጋራ ቀላቅለን ነሰነስን። የጠቀለልነው በረጅሙ ጐን በኩል ነው፤ እጅግ ሳናጠብቅ ጠቀለልነው፤ ጠብቆ የተጠቀለለ ጥቅል ምድጃ ውስጥ ሲያብጥ ወደ ጐን መስፋት ስላቃተው መካከሉ እንደ ጕልላት ወደ ላይ ይወጣልና። ለመቍረጥ ቢላዋ ጥቅሉን ይጨፈልቀዋል፤ ጠንካራ ክር ከሥሩ አሳልፎ ከላይ አጣልፎ መሳብ ግን አጥርቶ ይቈርጠዋል። ዐሥራ ሁለቱን ቍራጭ በአንድ ትሪ ውስጥ በመካከላቸው አንድ አንድ ጣት እየተውን ደረደርናቸው። ተጠጋግተው ሲያብጡ ጐናቸው ይገናኛል፤ የተገናኘውም ጐን ለእሳት አይጋለጥምና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እርስዋ ቀድሞ እያራራቀች ትጋግራቸው ነበርና እያንዳንዱ ዳቦ ዙሪያውን ቅርፊት ያበጅ ነበር።

ሁለተኛው ኩፍ ማለት ከመጀመሪያው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ ማስተካከያ የለምና። ጊዜው የሚታወቀው በጣት ነው። ጣትን በዱቄት ነክቶ የአንዱን ጥቅል ጐን ቀስ ብሎ መጫን ነው። ጉድጓዱ ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ ገና ነው፤ በዝግታ ተመልሶ ጥቂት ምልክት ካስቀረ ደርሷል፤ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል። ሳይደርስ የተጋገረው ውስጡ የተጨቈነና በጥቅሉ መሥመር አጠገብ ጥሬ ሊጥ የሚመስል ይሆናል። ያለፈበት ደግሞ ከምድጃው ሲወጣ ይሰምጣል፤ ፊቱ ይሸበሸባል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቶሎም ይደርቃል። እንግዲህ ዳቦው ከባድ የሆነ ሰው ቈርሶ ውስጡን ቢመለከት ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። በዚያ ቀን የእኛ ዳቦ በአርባ ደቂቃ ደረሰ።

ሦስተኛው ስሕተት በምድጃው ላይ ነበር። የእኅቴ ልጅ በዳቦ ውስጥ የሚሰካ የሙቀት መለኪያ ነበራት፤ ሥራዋን አክብራ የገዛችው ነው። መጽሐፉ «መካከሉ 93 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ» ይላታል፤ እርስዋም መለኪያው 93 እስኪል ትጠብቃለች፤ መለኪያው ግን እዚያ አይደርስም። ምክንያቱን ስነግራት በጣም ተደነቀች። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እርጥበት ያለው የዳቦ ውስጥ ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ ሊሞቅ አይችልም። ስለዚህ 93 ዲግሪን የሚጠብቅ ሰው ውሃው ሁሉ ተንኖ እስኪያልቅ ይጠብቃል ማለት ነው። በ180 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከሃያ ሁለት ደቂቃ በኋላ የመካከለኛው ጥቅል ውስጥ 88 ዲግሪ ባሳየ ጊዜ አወጣነው፤ ፈጽሞም በስሎ ነበር። መለኪያ የሌለው ሰው የመካከለኛውን ጥቅል በሹካ ጫፍ ጥቂት ገልጦ ይመልከት፤ ሊጡ የሚያብረቀርቅና የሚሳብ ካልሆነ፥ ሲጫኑትም የሚመለስ ከሆነ በስሏል። የዳር ጥቅሎች አስቀድመው ስለሚበስሉ በእነርሱ መፍረድ አይገባም።

እንደ ወጣ ንጹሕ ፎጣ አለበስነውና ለብ እስኪል ቈየን። ለማመሳከር እንዲመች በዚያው ቀን ጧት በቀድሞው አሠራርዋ ከጋገረችው ስድስት ዳቦ፥ አብረን ከጋገርነውም ስድስት ለይተን በተለያየ ዕቃ ከድነን አሳደርን። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁለቱንም ቈረስን። የቀድሞው ገና ሲነካ ተፈረፈረ። የአብሲቱ ግን እንደ ጥጥ ተስቦ በክር በክር ተለያየ፤ ጧት ከነበረው ልስላሴ የቀነሰው ጥቂት ነበር። እርስዋም አንዱን ይዛ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደች። ባለቤቱ ትናንት የተጋገረ መሆኑን ሳትነግራቸው አቀመሰቻቸው፤ በኋላ ነገረቻቸው። ቅዳሜ ያበቃል የተባለው ውል ያን ዕለት ታደሰ፤ የቤት ኪራይዋንም በቀኑ ከፈለች።

ነገር ግን አብሲት ሁሉን ያድናል ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ወሰኑን ልናገር። አብሲት ውሃን ይይዛል እንጂ የእርሾን ሥራ አይሠራም። ሊጡ ሳይታሽ፥ ወይም ኩፍ ማለቱ ሳይደርስ የተጋገረ እንደ ሆነ፥ ዳቦው እርጥብ ሆኖ ሳለ ከባድ ይሆናል፤ ይህም ከደረቁ የማይሻል ነው። የዱቄቱም ጠባይ ይለያያል። በግሉተን የደከመ ዱቄት ይህን ሁሉ ወተት ላይሸከም ይችላልና፥ አዲስ ዓይነት ዱቄት የገዛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀዝቃዛው ወተት ሃያ ግራም ያህል አስቀርቶ ሊጡን ካየ በኋላ ቢጨምር ይሻላል። ወተት ወደ ሊጥ መጨመር ቀላል ነው፤ ዱቄት ጨምሮ ማስተካከል ግን ስኳሩንም ጨውንም እርሾውንም ያዛባል።

ስለ ማስቀመጡም አንድ ቃል። ብዙ ሰው ዳቦ እንዳይደርቅ ብሎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖረዋል፤ ይህ ግን ያፋጥነዋል። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ የበሰለው ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ ስለሚጠነክርም ነው፤ ይህም ማጠንከር ከሁሉ ይልቅ በማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ ይፈጥናል። ስለዚህ ለማግስት የሚሆነውን ከድኖ በክፍሉ አየር ውስጥ ማሳደር፥ ከዚያ ለሚረዝመው ጊዜ ደግሞ በረዶ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ማኖር ነው። የጠነከረውን ዳቦ ትንሽ ውሃ ረጭቶ፥ ከድኖ፥ ለጥቂት ደቂቃ ቢያሞቁት ስታርቹ እንደገና ይላላና ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ልስላሴው የሚቈየው ትኩስ ሳለ ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚበላውን ያህል ብቻ ማሞቅ ነው።